እንጀራስ ፕሮሰስድ አይደለም ወይ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጥያቄ ላከልኝ። አሁን ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉት። "ቲቸር፣ የልጆቹ ሐኪም 'አልትራ ፕሮሰስድ' ምግብ ቀንሱላቸው አለችን። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ጤፉ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ አብሲት ይጣልለታል፣ ይጋገራል። ከዚህ በላይ ፕሮሰስ ምን አለ? እንጀራስ አልትራ ፕሮሰስድ አይደለም ወይ?"

ሳቅኩ። ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ክፍል ውስጥም ቢሆን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቅ የነበረው እሱ ነው። በሁለት መስመር ልመልስለት ጀምሬ እየረዘመ ሲሄድብኝ ለሁላችሁም እዚህ ልጻፈው አልኩ። ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። በአማርኛ "በከፍተኛ ደረጃ የተቀነባበረ ምግብ" ብለን ስንተረጉመው የሚሰማን "ብዙ የተደከመበት" የሚል ነው። በዚህ አቆጣጠርማ ዶሮ ወጥን የሚያህል አልትራ ፕሮሰስድ የት ይገኛል? ሽንኩርቱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል። በርበሬውስ? ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ይደለዛል፣ ይፈጫል። እናቶቻችን አንደኛ የምግብ ፋብሪካዎች ናቸው ማለት ነው። ስያሜውን ያወጡት ሰዎች ግን የድካሙን ብዛት እየቆጠሩ አልነበረም።

ነገሩ የተነሳው ብራዚል ውስጥ ነው። በሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ካርሎስ ሞንቴይሮ የሚባሉ የሕብረተሰብ ጤና ተመራማሪ አሉ። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የብራዚል ቤተሰቦች ከሱቅ ምን እንደሚገዙ የሚያሳዩ፣ በየዓመታቱ የተሰበሰቡ መረጃዎችን ሲያገላብጡ አንድ እንቆቅልሽ አገኙ። ሰዉ በኪሎ የሚገዛው ስኳር፣ ጨውና ዘይት እየቀነሰ ነው። ውፍረት ግን እየጨመረ ነው። እንዴት ይሆናል?

ስኳሩ አልጠፋም ነበር። ከቤት ጓዳ ወጥቶ ፋብሪካ ገብቶ፣ በብስኩት፣ በለስላሳና በታሸገ ምግብ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ሰዉ ስኳር መግዛት የተወው ቤቱ ማብሰል ስለተወ ነው። ሞንቴይሮ በ2009 ባወጡት ጽሑፍ ያሉት ይህንን ነው፦ ምግብን ስንመዝን የቅባቱንና የስኳሩን መጠን ብቻ አንይ፣ ማን እንዴት እንደሠራውና ለምን እንደሠራውም እንይ። ከዚያ የመጣው አመዳደብ "ኖቫ" ይባላል። ብራዚልም በ2014 ባወጣችው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያ ተጠቅማበታለች።

ኖቫ ምግብን በአራት ይከፍላል። ወደ እኛ ጓዳ አምጥቼ ላስረዳ። የመጀመሪያው ምድብ ከተፈጥሮው ብዙ ያልራቀ ነው፦ ጤፍ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ ወተት፣ ሥጋ። መፍጨት፣ ማድረቅ፣ መቁላት፣ ማቀዝቀዝ፣ እንደ እርጎ ማርጋትም ቢሆን ከዚህ ምድብ አያስወጣም። ሁለተኛው ምድብ ለብቻው የማይበላ፣ ለማብሰያ የሚሆን ነው፦ ዘይት፣ ቅቤ፣ ጨው፣ ስኳር። ሦስተኛው ሁለቱን በማገናኘት የሚሠራ ነው፦ ከዱቄት፣ ከውኃ፣ ከእርሾና ከጨው የተጋገረ የሰፈር ዳቦ፣ አይብ፣ በዘይት የታሸገ ቱና። የቤት እንጀራ ከመጀመሪያው ምድብ እህል የተሠራ ምግብ ነው፤ የሚሸጠውን አንድ ሰው አጥብቄ ልቁጠር ቢል ሦስተኛው ላይ ያደርሰው ይሆናል። አራተኛው ውስጥ አይገባም።

አራተኛው ነው አልትራ ፕሮሰስድ የሚባለው፤ እሱን የሚለየው ደግሞ የሥራው ብዛት አይደለም። በዚህ ምድብ ውስጥ እህሉ ተበትኖ ወደ ስታርች፣ ወደ ፕሮቲን ዱቄት፣ ወደ ሽሮፕ፣ ወደ ተጣራ ዘይት ይለወጣል። ከዚያ እነዚህ ብትን ነገሮች እንደገና ይገጣጠሙና ቅርጽ፣ ቀለምና ጣዕም ይሰጣቸዋል።

ልጆች የሚወዱትን የተነፋ የበቆሎ ቺፕስ እንውሰድ። የበቆሎ ዱቄት ትንሽ ውኃ ይነካና ትልቅ ብሎን መሰል ነገር የሚዞርበት ቱቦ ውስጥ ይገባል። ብሎኑ እየገፋ ያፍነዋል፣ ይግላል፣ ይቀልጣል። ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ብቅ ሲል እላዩ ላይ የነበረው ጫና ድንገት ይለቀዋል፤ ውስጡ ያለው ውኃ ባንዴ ተንኖ እንደ ስፖንጅ ይነፋዋል። ቢላዋ ይቆርጠዋል፣ ይደርቃል። እስካሁን ጣዕም የለውም፣ እንደ ካርቶን ነው። ጣዕሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘይት ይረጭበትና ጨው፣ የአይብ መዓዛ፣ ጣዕም አጉሊና ቀለም ያለበት ዱቄት ይነሰነስበታል። በቆሎው እዚህ ጋ ለዘይቱና ለዱቄቱ ማጓጓዣ ሆኖ ነው የሚያገለግለው።

እንዴት እንለየው? የጥቅሉን ጀርባ ማንበብ ነው። ፊት ለፊቱ ማስታወቂያ ነው፣ እርሱን ተዉት። የግብዓቶቹ ዝርዝር ከብዙ ወደ ጥቂት በክብደት ቅደም ተከተል ይጻፋል። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ ማንም ጓዳው ውስጥ የማያስቀምጠው ነገር አለ ወይ? ማልቶዴክስትሪን፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ የአኩሪ አተር ፕሮቲን አይዞሌት፣ ሃይድሮጅን የተጨመረበት ዘይት። ሁለተኛ፣ ሥራው ምግቡን ማሳመር ብቻ የሆነ ተጨማሪ አለ ወይ? ማቅለሚያ፣ መዓዛ፣ ጣዕም አጉሊ፣ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ፣ ኢመልሲፋየር። ከእነዚህ አንዱ ካለ ኖቫ አራተኛው ምድብ ውስጥ ያስገባዋል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮድ ያየ ሁሉ "ኬሚካል!" ይላል። ኢ 500 ግን ቤታችሁ ያለችው ቤኪንግ ሶዳ ናት፤ ኢ 300 ቫይታሚን ሲ ነው። ኮዱ በራሱ ምንም አይናገርም፣ የተጨመረው ነገር ሥራ ምንድን ነው የሚለው ነው ዋናው። እንዳይበላሽ ብቻ የሚጨመር ማቆያም በራሱ ምግቡን ወደ አራተኛ አይገፋውም። ስለዚህ ቨርጂኒያ የሚሸጠው የታሸገ እንጀራ ሻጋታ መከላከያ ቢኖርበት እንኳ፣ ሌላው ዱቄትና ውኃ ከሆነ አልትራ ፕሮሰስድ አልሆነም። (ልጄ፣ መልስህን እዚህ ጋ አገኘህ። ማንበብህን ግን ቀጥል።)

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ። ታላቅ እህቴ ስኳር አለባት። ከተነገራት ጊዜ ጀምሮ እንጀራ ፈራች። ምን ያህል እንጀራ ትብላ የሚለው የሐኪሟ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም። የገባሁበት በእንጀራው ፋንታ በያዘችው ነገር ነው። "ስኳር የሌለው" የሚል የተጻፈበት፣ የስንዴ ዘለላ የተሳለበት ብስኩት። ጠዋት ከሻይ ጋር፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ማታ ቴሌቪዥን እያየች። በጾም ደግሞ ይበረታል፤ ቅቤና እንቁላል ስለሌለው "የጾም ነው" ተብሎ የፈቃድ ወረቀት ያገኘ ብስኩት ማን ይከለክለዋል?

"እትዬ፣ እስቲ ጀርባውን እናንብብ" አልኳት። መነጽሯን አምጥታ አነበብን። የስንዴ ዱቄት። የፓልም ዘይት። ማልቲቶል። ቀጥሎ የስንዴ ብራን፤ ፊት ለፊት ላይ የተሳለው ዘለላ ይህ ነው፣ አራተኛ ተራ ላይ። ከዚያ ኢ 471፣ ኢ 500፣ ጨው፣ የቫኒላ መዓዛ። በየተራ ስናየው፦ ማልቲቶል ማጣፈጫ ነው፣ ስኳር ባይባልም ካሎሪ አለው። ኢ 471 ዘይቱና ሊጡ እንዲዋሃዱ የሚያደርግ ኢመልሲፋየር ነው። መዓዛው መዓዛ ነው። ሦስት ምልክት። ኢ 500ን ለቀቅናት።

"ታዲያ ስኳር የለውም እኮ!" አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ የለውም። የጥቅሉ ሠንጠረዥ ግን በ100 ግራም ከ400 ካሎሪ በላይ ይላል። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፤ ያንን ያህል ክብደት ያለው እንጀራ የዚያን ግማሽ ካሎሪ እንኳ አይደርስም። ከዚህም በላይ እንጀራ የሚበላው ተቀምጦ፣ ከወጥ ጋር፣ ተቆርሶ ተጠቅልሎ ነው። ብስኩት የሚበላው ሳይታወቅ ነው። ስንት እንደበላች ጠየቅኳት። "ሁለት ሦስት" አለች። ጥቅሉ ባዶ ነበር።

ይህች "ሳይታወቅ" የምትለው ቃል ናት ሳይንሱን የምታስደስተኝም የምታስፈራኝም።

ኬቨን ሆል የሚባል ተመራማሪ አለ። ትምህርቱ ፊዚክስ ነው፤ አሜሪካ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰው አካል ጉልበትን እንዴት እንደሚጠቀም ያጠና ነበር። ስለ ኖቫ መጀመሪያ ሲሰማ አልተዋጠለትም። ዋናው የምግቡ ይዘት ነው፣ የቅባቱ፣ የስኳሩ፣ የጨው መጠኑ ነው፤ የአሠራሩ መንገድ ብቻውን ምን ያመጣል? ብሎ ያምን ነበር። ጥሩ ሳይንቲስት ስለሆነ ግን አልተከራከረም፣ ሞከረው። ውጤቱ በ2019 ወጣ።

20 ሰዎች፣ እኩል ወንድና ሴት፣ ቤተስዳ ሜሪላንድ ባለው የተቋሙ ሆስፒታል ለ28 ቀን ገቡ። ሁለት ሳምንት አልትራ ፕሮሰስድ ምግብ ብቻ፣ ሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ ምግብ ብቻ። የትኛው ይቅደም የሚለው በዕጣ ተወሰነ። በአንደኛው ወገን የታሸገ ሲሪያል፣ ማፊን፣ የቆርቆሮ ራቪዮሊ የመሳሰለ ነው፤ በሌላው እርጎ ከፍራፍሬ ጋር፣ ሰላጣ፣ የተጠበሰ ሥጋ፣ አትክልት። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፦ የሚቀርበው ምግብ በሁለቱም በኩል በካሎሪ፣ በስኳር፣ በቅባት፣ በጨውና በአሰር ተመጣጣኝ ተደርጓል። ከሚያስፈልጋቸው እጥፍ የሚሆን ምግብ ፊታቸው ይቀርባል፣ አንድ ሰዓት ይሰጣቸዋል፣ "የፈለጋችሁትን ያህል ብሉ" ይባላሉ። ቆጥራችሁ ብሉ፣ ቀንሱ፣ ወፍሩ የሚል ማንም የለም። የተረፈው ይመዘናል።

አልትራ ፕሮሰስዱን በሚበሉበት ጊዜ በቀን በአማካይ 500 ያህል ካሎሪ ትርፍ በሉ። ለብዙ ሴቶች ይህ የቀን ፍላጎታቸው ሩብ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ በአማካይ 0.9 ኪሎ ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ደግሞ ማንም ሳያዛቸው 0.9 ኪሎ ቀነሱ።

እኔን የገረመኝ ይህ አይደለም። ሰዎቹ ምግቡ ምን ያህል እንደጣማቸው ተጠይቀው ነበር፤ ለሁለቱም የሰጡት ነጥብ ያን ያህል አይለያይም። "ስለሚጣፍጥ ነው አብዝተው የበሉት" የምንላት ማብራሪያ ብቻዋን አልቆመችም ማለት ነው። ያልተወደደ ምግብ ሳይሆን እኩል የተወደደ ምግብ ነው፣ አንዱ ግን 500 ካሎሪ ይዞ ይሄዳል።

ታዲያ ምንድን ነው? እስካሁን ጠንካራ የሚመስሉኝ ሁለት ምክንያቶች ናቸው።

አንዱ ፍጥነት ነው። ሰዎቹ አልትራ ፕሮሰስዱን ሲበሉ በደቂቃ የሚያስገቡት ካሎሪ በግልጽ ይበልጥ ነበር። ምግቡ ለስላሳ ነው፣ ብዙ አይታኘክም። ሆድ ጠገብኩ ብሎ ለአንጎል የሚልከው መልእክት ደግሞ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ከአንጀት የሚወጡ ሆርሞኖች አሉ፣ እነሱ እስኪደርሱ ሳህኑ ካለቀ ምን ይጠቅማል? በሆል ጥናት ከእነዚህ አንዱ፣ ፍላጎትን የሚዘጋው ፒዋይዋይ፣ ያልተቀነባበረውን ሲበሉ ከፍ ብሎ ነበር፤ ረኃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ዝቅ።

ሁለተኛው የካሎሪው ጥግግት ነው። ሆል ሁለቱን ምግቦች በአሰር ለማመጣጠን ሲል በአልትራ ፕሮሰስዱ በኩል አሰሩን መጠጥ ውስጥ በጥብጦ ነበር የሰጠው፤ ምክንያቱም በምግቡ ውስጥ አሰሩ አልነበረም። መጠጡን ወደ ጎን ትተን የሚታኘከውን ብቻ ስንመዝን በአልትራ ፕሮሰስዱ አንድ ግራም ውስጥ ያለው ካሎሪ በሌላው ካለው እጥፍ ገደማ ነበር። ውኃው ወጥቷል፣ ጭረቱ ወጥቷል፣ የቀረው የተጨመቀ ጉልበት ነው። ሆድ በብዛት የሚለካው ደግሞ ይዞታን ነው።

ፍጥነትና ጥግግት የተለያዩ መሆናቸውን ማየት ለሚፈልግ ኮሎ አለላችሁ። ኮሎ ደረቅ ነው፣ ውኃ የለውም፣ በግራም ብዙ ካሎሪ አለው። ግን ኮሎ በልቶ ያበዛ ሰው አይታችኋል? መንጋጋው ይደክመዋል። እኔ ቤት ውስጥ በኩሽና ሚዛን 50 ግራም ኮሎና 50 ግራም የተነፋ የበቆሎ ቺፕስ መዝኜ በተለያየ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት ሞክሬዋለሁ። ቺፕሱ እስኪያልቅ በፈጀብኝ ጊዜ ውስጥ ኮሎው ገና ከግማሽ አልወረደም ነበር። ቺፕሱ ምላስ ላይ ሲደርስ ይቀልጣል፤ የታኘከ ነገር የለም፣ አፍ ምግብ እንደገባ አያውቅም። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሞክሮ ሳይንስ አይሆንም፣ ግን ሞክሩት። ለሕፃናት ኮሎ አትስጡ፣ ያንቃቸዋል።

አሁን ደግሞ ከዚህ ተነስቶ "የታሸገ ሁሉ መርዝ ነው" የሚል ካለ እዚህ ጋ እንለያያለን። የሆል ጥናት 20 ሰው ነው፣ አንድ ወር ነው፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። በአደባባይ የምትሰሟቸው "አልትራ ፕሮሰስድ የሚበሉ ሰዎች በዚህና በዚያ በሽታ ይያዛሉ" የሚሉት ጥናቶች አብዛኞቹ ሰዎችን ከሩቅ እየተከታተሉ የሚያነጻጽሩ ናቸው። እነዚያ ሰዎች በገቢም፣ በእንቅልፍም፣ በሥራ ጫናም ይለያያሉ፤ ተመራማሪዎቹ ያንን ለማስተካከል ይሞክራሉ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይቻልም።

ኖቫም ራሱ ችግር አለበት። አራተኛው ምድብ በጣም ሰፊ ነው። ለስላሳ መጠጥም፣ ኢመልሲፋየር ያለበት ያልተጣራ የስንዴ ዳቦም፣ ጣዕም የተጨመረበት እርጎም አንድ ላይ ይገቡበታል። እነዚህን እኩል የሚያይ ሚዛን ሳይቸግር አይቀርም። በ2022 የወጣ የፈረንሳዮች ጥናት ለምግብ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ምግቦች ሰጥቶ በኖቫ መድቡ ቢላቸው እርስ በርስ ብዙም አልተስማሙም። ባለሙያ ካልተስማማ እትዬ ሱቅ ውስጥ ቆማ ምን ታድርግ?

በ2025 ደግሞ ከለንደን የወጣ ጥናት አለ፣ ነገሩን ያለሰልሰዋል። 55 ሰዎች ለስምንት ስምንት ሳምንት ሁለቱንም ዓይነት ምግብ በየቤታቸው በሉ፤ ግን በዚህኛው አልትራ ፕሮሰስዱም ጭምር የእንግሊዝን ጤናማ የአመጋገብ መመሪያ እንዲያሟላ ተደርጎ ነበር። በሁለቱም በኩል ሰዎቹ ክብደት ቀነሱ። ሆኖም ብዙ ያልተቀነባበረውን ሲበሉ የቀነሱት ሁለት እጥፍ ያህል ነበር፦ ወደ 2 ከመቶ፣ በአልትራ ፕሮሰስዱ ደግሞ ወደ 1 ከመቶ። እንግዲህ እኔ የምረዳው፣ ይዘቱም ቁም ነገር ነው፣ አሠራሩም ቁም ነገር ነው፤ አንዱ ሌላውን አልሻረም።

ሌላም አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል። በሆል ጥናት ያልተቀነባበረው ምግብ ዋጋው ይበልጥ ነበር፦ በቀን 2000 ካሎሪ ሒሳብ ለሳምንት 151 ዶላር፣ አልትራ ፕሮሰስዱ 106። ጊዜው ገና አልተቆጠረም። ቨርጂኒያ ሁለት ፈረቃ የሚሠራ አባት "ለምን አታበስልም" ሲባል ይህንን ረስተን መሆን የለበትም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ በአብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽሮ ዛሬም ከብስኩት ጥቅል ይልቅ ቤተሰብ ያጠግባል። ይህ እስከ መቼ እንደሚቆይ እንጃ።

እትዬ ብስኩቱን ሙሉ በሙሉ አልተወችም። ጥቅሉን ግን አልጋ አጠገብ ማስቀመጥ ትታለች፤ ሁለት አውጥታ ሳህን ላይ አድርጋ ቀሪውን ቁም ሣጥን ላይ ትሰቅለዋለች፣ ለማውረድ ወንበር ያስፈልጋታል። አሥር ሰዓት ላይ የተቀቀለ ሽምብራ ትበላለች። ኮሎ እንዳትበላ ጥርሷ እምቢ አላት።

የምትገዙት ነገር ግራ ካጋባችሁ የጀርባውን ፎቶ አንስታችሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉት፣ አብረን እናነባለን። ብዙ ከውጭ የሚገቡ ጥቅሎች በዐረብኛ ወይም በቱርክኛ ብቻ የተጻፉ ናቸው፤ ዱባይና ኢስታንቡል ያላችሁ ልጆቼ እዚያ ላይ እናንተ ታግዙኛላችሁ።